ተራው ሲደርስ ሽንት ቤት የሚጠይቀው ተማሪዬ

ይድረስ ለእትዬ፣

የ27 ዓመት መምህርት ነኝ፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሦስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። ከነሱ መካከል አንድ የ10 ዓመት ልጅ እንቅልፍ ነስቶኛል። ተረት ሲያወራ ክፍሉ ጸጥ ይልለታል፤ ሒሳብ በቃል ስጠይቅ ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው። መጽሐፍ ሲከፈት ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። አንድ መስመር ለማንበብ ያምጣል፤ ጨርሶ ምን እንዳነበበ ስጠይቀው አያውቀውም። የማንበብ ተራው ሊደርስ ሲል ሽንት ቤት ልሂድ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት አልፈቅድም ብዬ አቆምኩት፤ ሲንተባተብ ልጆቹ ሳቁበት፣ እሱም አለቀሰ።

ይሻለው ይሆናል ብዬ ምንባቡን አምስት አምስት ጊዜ አስገለብጠዋለሁ፤ ለውጥ የለም። ርእሰ መምህሩ ክፍል ይድገም ይላሉ። አባቱ ደግሞ «ጭንቅላቱ አልቀበል ካለ ከብት ይጠብቅልኝ» አሉኝ። ስልኬ ላይ ዲስሌክሲያ ስለሚባለው የንባብ ችግር አንብቤ ይኸው ነው ብያለሁ፤ ግን ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቱን ለሱ ብቻ ባቀልለት በሌሎቹ ላይ ማዳላት አይሆንብኝም? ደግሞስ በ40 ደቂቃ ውስጥ 57ቱን ምን አድርጌ?

መላ የጠፋት መምህርት

እህቴ፣

ከትንሹ ልጀምር፦ ማስገልበጡን ዛሬውኑ ተዪው። ሲገለብጥ ጠጋ ብለሽ አይተሽው ታውቂያለሽ? እንዲህ ያሉ ልጆች መስመሩን እንደ ሥዕል ነው የሚቀዱት። አንዱን ፊደል ያያሉ፣ ይስሉታል፣ ቀና ብለው ቀጣዩን ይፈልጋሉ። እጃቸው ይደክማል እንጂ ፊደሉና ድምፁ አይተዋወቁም። እኔም ባስተማርኩባቸው 22 ዓመታት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ፣ ስንቱን አስገልብጫለሁ። ደብተራቸው እያማረ ሄደ፤ ንባባቸው ባለበት ቆመ። ስለዚህ በዚህ ራስሽን አትውቀሺ፤ የተማርነውን ነው የምናደርገው።

ዲስሌክሲያ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ስም መስጠት የባለሙያ ሥራ ነው። ነገር ግን ስሙ እስኪሰጥ እጅሽን አጣጥፈሽ መቀመጥ የለብሽም። በመጀመሪያ ሦስት ነገር አጣሪ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ከኋላ ወንበር ሆኖ ያያል? ከጀርባው ቆመሽ ቀስ ብለሽ ስትጠሪው ይሰማል? አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳለስ ብዙ ቀርቷል፣ ወይስ ቤቱ የሚነገረው ሌላ ቋንቋ ነው? ከነዚህ በአንዱ ችግር ካለ መፍትሔው ሌላ መንገድ አለው። በሦስቱም ችግር ከሌለና ልጁ እንደጻፍሽው በአፉ ብርቱ፣ በዓይኑ ደካማ ከሆነ፣ ጥርጣሬሽ መሠረት አለው።

በዓይኑ ስል ግን የአነጋገር ነው። ችግሩ ያለው ዓይን ላይ አይደለም። ዲስሌክሲያ የሚለውን ቃል በ1887 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሩዶልፍ ቤርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ስለነበር ነው መሰለኝ፣ እስከዛሬ ሰው መነጽር ይፈልግለታል። ዋናው እንቅፋት ያለው ፊደሉን ከድምፁ ጋር ቶሎ ማገናኘቱ ላይ ነው። ላንቺ በቅጽበት የሚመጣው ለሱ በየፊደሉ ይታሰባል። መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ የመጀመሪያው ቃል ከጭንቅላቱ ወጥቷል፤ ያነበበውን የማያውቀውም ለዚህ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ማንበብ ስላቃተው የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። የልጁ መምህር፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ከትምህርት ቤቱ የሚበልጠው የለም ነበር ማለቱን ሐኪሙ አስፍሯል። ደብዳቤሽን ሳነብ ያ መምህር ነው ትዝ ያለኝ።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ፤ ምክንያቱም ስልክሽ ላይ ያነበብሽው አብዛኛው ምክር ለላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፣ የኛ ልጅ የሚሰናከለው ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ትወርደው ነበር። አንድ ቀን «ቢ» የሚለውን ብቻ በካርድ አሳየኋት። ዝም አለች። ከንፈሯን ሳይ ግን ትንቀሳቀሳለች፦ በ፣ ቡ፣ ቢ። ደርሳበት «ቢ» አለችኝ። ለካስ ፊደል አታውቅም፤ የምታውቀው ተራውን ነው። በየቃሉ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ፊደል ከግዕዙ ተነስታ ትቆጥራለች። አንድ ቃል አራት ፊደል ቢኖረው አራት ጊዜ ትቆጥራለች ማለት ነው። የድሮዎቹ የኔታዎች ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ሲያስቆጥሩ ተራው ስለሚቀያየር በቃሉ የሸመደደው ይያዝ ነበር፤ እኛ ዘመናዊዎቹ ይህን ማጣሪያ ጣልነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አሥር ደቂቃ ፈልጊና ልጁን ብቻውን አስቀምጪው፤ ከሰልፍ በፊት ቢሆን ይሻላል። ከካርቶን 20 ትናንሽ ካርዶች ቁረጪ። የበ፣ የሰ፣ የደ እና የከ ቤተሰቦችን ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ጻፊባቸውና በውዘሽ አንድ በአንድ አሳዪው። ወዲያው የመለሰውን በአንድ በኩል፣ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ቆጥሮ የደረሰበትን በሌላ በኩል፣ የሳተውን በሦስተኛ በኩል አስቀምጪ። ቆጥሮ የደረሰበት ትክክል ቢሆንም «ያውቃል» ብለሽ አትመዝግቢው።

ከዚያ ከመጽሐፉ አራት መስመር ያንብብልሽ። አታርሚው፤ የሳተውን ብቻ በወረቀት ያዢ። ስሕተቶቹ ባመዛኙ ሦስት ዓይነት ሆነው ታገኛቸዋለሽ። አንደኛው መልክ ማምታታት ነው፦ ለን ሰ፣ ቀን ተ፣ ነን ኘ ማለት። ሁለተኛው ቤተሰቡን አውቆ እግሩን መሳት ነው፦ ቡን ቢ፣ ባን ቦ። ባና ቦን፣ ሳና ሶን፣ ዳና ዶን ጎን ለጎን አድርገሽ ተመልከቻቸው፤ አንዱ ግራ እግሩ አጥሯል፣ አንዱ ቀኝ እግሩ። ልክ በመስታወት እንደተያዩ ናቸው። ሦስተኛው መገመት ነው፦ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ የቀረውን ከራሱ መሙላት፤ «ከበሮ» የሚለውን «ከበደ» ብሎ ማለፍ። አሥር ደቂቃው ሲያልቅ ከሦስቱ የትኛው እንደበዛ ታውቂያለሽ፣ ቀጣዩ ሥራሽም በዚያ ይወሰናል። አንድ ነገር ግን ከስሕተት አትቁጠሪበት። «ገና» የሚለውን አላልቶ ማንበብና አጥብቆ ማንበብ ትርጉሙን ይለውጠዋል፤ ፊደላችን ግን ማጥበቁን አይጽፈውም። ፊደሉን በትክክል አንብቦ ቃሉን ከሳተ ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩን ደግመሽ ንገሪውና ራሱ ያስተካክለው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ልጅ ብቻ እንዳታደርጊው። ከ58ቱ ውስጥ ሲቆጥሩ የምታገኛቸው ሌሎችም ይኖራሉ፤ ሦስትና አራቱን ጨምረሽ ከሱ ጋር አንድ ቡድን አድርጊያቸው። ልጁ ብቻውን ሲጠራ የሚሰማው እፍረት ይቀላል፤ ያንቺም ድካም ለአምስት ይከፈላል።

እንግዲህ ትምህርቱን አብረን እንቁረጠው። መጽሐፋችሁ ላይ ያለው ምንባብ አሥር ዓረፍተ ነገር ነው እንበል፤ አንዲት አያት ዶሮዎቿን ከጭልፊት ስላዳነች። 58ቱ በሙሉ ታሪኩን ይሰማሉ፣ ያወሩበታል፣ ጥያቄውን ይመልሳሉ። የቡድኑ ልጆች ግን በዓይናቸው የሚያነቡት ይህንን አራት መስመር ብቻ ነው፦

አያቴ ሦስት ዶሮዎች አሏት።
ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮ ይሮጣሉ።
አንድ ቀን ጭልፊት መጣ።
አያቴ ዶሮዎቿን በጋቢዋ ሸፈነቻቸው።

ታሪኩ አላጠረም፤ ያጠረው በዓይን የሚታረሰው መሬት ነው። ለማዳላቱ ጥያቄሽ መልሴም እዚሁ ላይ ነው። ማዳላት የሚሆነው የሚማረውን ነገር ብትቀንሺለት ነበር። ጭልፊቱ ለምን መጣ፣ አያት ምን አደረጉ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር የሚለውን እንደማንኛውም ልጅ ይመልሳል፤ ምናልባትም ከሁሉ የተሻለ ይመልሳል። የቀነስሽለት ወደዚያ የሚያደርሰውን አቀበት ነው።

አራቱን መስመር በትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ጻፊው። ማኒላ ካጣሽ የሲሚንቶ ከረጢት የውስጥ ወረቀት ይበቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ይሁን፤ ቃል ከቃል ሁለት ጣት ያህል ይራቅ፤ በፊደልና በፊደል መካከልም ትንሽ አየር ይግባ። ይህ ለውበት አይደለም። በጣሊያንና በፈረንሳይ ዲስሌክሲያ ባለባቸው ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ፊደላቱ ተራርቀው ሲጻፉ ልጆቹ ያለ ሌላ ሥልጠና የተሻለ እንዳነበቡ አሳይቷል። በተቃራኒው፣ ገጹ ላይ ባለ ቀለም ላስቲክ ዘርጉበት የሚል ምክር ካጋጠመሽ ገንዘብሽን አታባክኚ፤ ማስረጃው ደካማ ነው።

ቀለም የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። ስሕተቱ ባመዛኙ እግር መሳት ከሆነ፣ ፊደሉን በጥቁር ጽፈሽ ምልክቷን ብቻ በቀይ አድርጊ። የቡ ሰረዝ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ፣ የቢ በእግሩ ጫፍ፣ የቤ ቀለበት። ከዚያ እንደለመድነው ወደ ጎን በ ቡ ቢ ሳይሆን ወደ ታች አስኪጃቸው፦ ቡ፣ ሱ፣ ዱ፣ ኩ። ወገብ ላይ ያለች ሰረዝ ድምፅዋ አንድ መሆኑን ጆሮው ሲይዘው መቁጠሩ ይቀራል። በቀን አንድ አምድ ብቻ፣ አምስት ደቂቃ፤ ካዕቡ ሳይጸና ወደ ሣልስ አትሂጂ። ባና ቦን ደግሞ በአንድ ሳምንት አታስተምሪያቸው፤ አንዱ ያለ ማመንታት እስኪወጣው ሌላው ይቆይ። ይህ ሥርዓት እንደማይሠራባቸው ቀድመሽ ማወቅ ያለብሽ ፊደላትም አሉ። ረ፣ ፈ እና «የ» የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ሳድስ ደግሞ አንድ ወጥ ምልክት የለውም፣ አንዳንዴ አናባቢ አለው አንዳንዴ የለውም። እነዚህን ደንብ ሰጥተሽ ለማስረዳት አትድከሚ፤ ዶሮን በመሰሉ የታወቁ ቃላት ውስጥ ደጋግሞ ሲያያቸው ይለምዳቸዋል። ቀዩን ቀለም ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ግድም ቀስ በቀስ አጥፊው። አለዚያ ልጁ ቀለሙን ማንበብ ይለምድና መጽሐፍ ላይ ቀለም ሲያጣ እንደገና ይጠፋበታል፤ ይህ በኔም ላይ ደርሷል።

አሁን ከአራቱ መስመር ውስጥ የሚያስቸግረውን ፈልጊ። «ጭልፊት» ነው ብለሽ ጠብቀሽ ይሆናል። እኔ የምፈራው «ሸፈነቻቸው» የሚለውን ነው። አማርኛ አንድ ቃል ውስጥ ማን፣ ማንን፣ ስንት ሆኖ የሚለውን ሁሉ ይጠቀልላል። ልጁ «ሸፈነች» የሚለውን ቢያውቀው እንኳ «ሸፈነቻቸው» ውስጥ አያገኘውም፤ ች ሄዳ ቻ መጥታለች። ለዚህ ነው ቃሉን በመቀስ እንደመቁረጥ «ሸፈነች» እና «አቸው» ብለሽ ብትለያዪው የማይረዳው፤ ስፌቱ ያለው ፊደሉ ሆድ ውስጥ ነው። እኔ የምጠቀመው መሰላል ነበር። ቃሉን ከታች ወደ ላይ እያሳደግሽ በየመስመሩ ጻፊው፦

ሸፈነ
ሸፈነች
ሸፈነቻቸው

እንዲሁም ዶሮ፣ ዶሮዎች፣ ዶሮዎቿ፣ ዶሮዎቿን። ሮጠ፣ ይሮጣል፣ ይሮጣሉ። በየእርከኑ የተለወጠችውን አንዷን ፊደል ብቻ አክብቢያት፤ ች ወደ ቻ፣ ል ወደ ሉ። ልጁ መሰላሉን በጣቱ እየወጣ ያነበዋል፤ ከዚያ ሸፍነሽ ላይኛውን ብቻ ታሳይዋለሽ። ለአንድ ምንባብ ሁለት ወይም ሦስት መሰላል ይበቃል። ወር ሲሞላው ራሱ አዲስ ቃል ላይ ትንሹን ቃል ሲፈልግ ታይዋለሽ፤ ገማቹን ልጅ ከመገመት የሚያወጣው ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

በክፍለ ጊዜው ውስጥ አካሄዱ እንዲህ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ስለ ጭልፊት አውሪያቸው፤ ያየ ማን አለ፣ ቤታችሁ ዶሮ ሲወሰድ ምን ይደረጋል። ልጅሽ እዚህ ላይ ያብባልሻል፤ አትቸኩይበት። ቀጥሎ አንቺ ምንባቡን ከወትሮው ዘግየት ብለሽ አንብቢ፤ ሁሉም በጣታቸው ይከተሉሽ። በድሮው ትምህርት ቤት በስንደዶ እየጠቆሙ ይማሩ የነበረው ለከንቱ አልነበረም፤ ዓይን መስመር እንዳይስት ይይዛል። ለቡድኑ ልጆች ከካርቶን መሐሉ እንደ መስኮት የተቆረጠ፣ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ካርድ ስጪያቸው። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሁለቴ ያንብብ። ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሙሉውን ሲያነቡ አንቺ ከቡድኑ ጋር አሥር ደቂቃ ትቀመጫለሽ፤ መሰላሉንና አራቱን መስመር።

ያን አሥር ደቂቃ የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፤ የኛ መቸኮል። ቃል ላይ ሲቆም በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። ካልመጣለት ቃሉን ሙሉውን ንገሪው፣ ይድገመው፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይጀምር። «ይህቺ ማናት? በ፣ ቡ በላ!» አትበዪው፤ ያው ወደ መቁጠሩ መለስሽው ማለት ነው። «ገምት» ም አትበዪው። አራቱን መስመር በሦስት ቀን ውስጥ ደጋግሞ ያንብብ፤ ሰኞ በዳበሳ፣ ማክሰኞ በመሰላሉ፣ ረቡዕ በራሱ። ረቡዕ ዕለት አንበልብሎ ካነበበልሽ ግን ቶሎ አትደሰቺ፤ በቃሉ ይዞት ሊሆን ይችላል። አራቱን ዓረፍተ ነገሮች በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ በውዘሻቸው አንዱን አንሥተሽ ስጪው፤ ያኔ ይለያል።

ጥያቄዎቹን በተመለከተ አጭር ልሁን። ሌሎቹ አምስት መልስ በደብተር ሲጽፉ እሱ የተበወዙትን አራት ዓረፍተ ነገሮች በታሪኩ ቅደም ተከተል ይደርድር፣ ሁለቱን ጥያቄ በቃሉ ይመልስልሽ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ። ስታርሚ መረዳቱንና አጻጻፉን ለየብቻ ማርክ ስጪ። ሀን በሐ፣ ሰን በሠ ቢጽፍ ቀይ እስክሪብቶሽን አታንሺ፤ እኛ አዋቂዎቹም አንስማማባቸውም። ሥዕል ከተጠቀምሽ ከቃሉ ጎን አታስቀምጪው፤ አይቶ ይገምታል። ካነበበ በኋላ አሳዪውና ልክ መሆኑን ራሱ ያረጋግጥ። ሒሳቡንም አንዴ ፈትሺልኝ፦ በቃል ቀድሞ የሚመልሰው ልጅ በወረቀት ፈተና ዝቅ ካለ፣ የጎዳው ስሌቱ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄውን ማንበቡ ነው። ፈተናውን አንብቢለትና ውጤቱን አወዳድሪ፤ ለርእሰ መምህሩ የምታሳዪው ማስረጃ ይሆንሻል።

ስለዚያች የተሳቀበት ቀን፣ ልጁን ለብቻው ይቅርታ ጠይቂው። አጭር ይሁን፤ «ያን ቀን ማስቆሜ ልክ አልነበረም» ብቻ። ከዚያ ተዋዋሉ። ሳይነገረው ድንገት ጮክ ብሎ እንዲያነብ አይጠራም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ያጠናውን አንዱን መስመር ለክፍሉ ያነባል፤ የትኛውን እንደሆነ እሱ ይመርጣል። ባይሆንለት ካርዱን ገልብጦ ያስቀምጥ፣ አንቺም ወደሌላው ታልፊያለሽ። ተራውን ጨርሰሽ አታስቀሪው፤ ልጆች የተዘለለውን ከተሳሳተው በላይ ያስተውላሉ።

ለውጡን ለማየት ዓርብ ዓርብ አንድ ደቂቃ ብቻ ያንብብልሽ፤ ያላጠናው ግን ተመሳሳይ ክብደት ያለው ጽሑፍ ይሁን። በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ቁጠሪ፣ ስሕተቶቹንም በሦስቱ ዓይነት መድቢ። የነገርኩሽ ተማሪዬ በመጀመሪያው ዓርብ በአንድ ደቂቃ ዘጠኝ ቃል ነበር ያነበበችው። በስድስተኛው ሳምንት 15 ላይ ነበረች። ቁጥሩ ሲታይ ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ከንፈሯ መቁጠር አቁሞ ነበር፣ እግር መሳቷም በግማሽ ቀንሶ ነበር። ፍጥነቷ እስከመጨረሻው ከእኩዮቿ ጋር አልተካከለም፤ ይህንንም ካሁኑ ብታውቂው ይሻላል። ዲስሌክሲያ አይነቀልም፤ ትክክለኛነቱ ይመጣል፣ ቀርፋፋነቱ ግን አብሮ ይኖራል፤ ስለዚህ ስድስተኛ ክፍል ሲደርስም የፈተና ጊዜ ጭማሪ ያስፈልገዋል። ስምንት ወይም አሥር ሳምንት በዚህ መንገድ ሄደሽ ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ የዓርብ ወረቀቶችሽን ሰብስበሽ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂና የልዩ ፍላጎት ባለሙያ እንዲያየው ጠይቂ። «ልጁ ደካማ ነው» ከማለት የአሥር ሳምንት ወረቀት ይሰማል።

ክፍል መድገሙን በሚመለከት ርእሰ መምህሩን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ በሚቀጥለው ዓመት በምን በተለየ መንገድ ሊማር ነው የሚደግመው? መልሱ «በዚያው» ከሆነ መድገሙ አንድ ዓመት ከመውሰድ በቀር ምን ይሰጠዋል?

አባትየውን ግን አትጣያቸው። ሲመጡ ስለ ልጁ ከመናገርሽ በፊት እሳቸው ራሳቸው ትምህርት ቤት እንዴት እንደነበሩ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። ይህ ነገር በዘር ይወርዳል። ስንት አባት አውቃለሁ፣ «እኔም እኮ ፊደሉ አልገባ ብሎኝ ነው ጥዬ የወጣሁት» ብሎ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ያለ። እንዲያ ካሉሽ ስለ ከብቱ ክርክር አያስፈልግሽም፤ አራቱን መስመር የያዘውን ወረቀት ስጫቸውና ማታ ማታ ልጁ ለእሳቸው እንዲያነብላቸው ጠይቂያቸው። ማንበብ ባይችሉም ችግር የለውም፤ የሚሰማ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ካርዶቹን ሰኞ ካዘጋጀሽ፣ ከሦስቱ ስሕተቶች የትኛው እንደበዛ ጻፊልኝ። እግር መሳት ሳይሆን መልክ ማምታታት ከሆነ የምነግርሽ ሌላ ነገር አለኝ።